በፌክ ኤር ፎርስ ከተበላሁ በኋላ ካርቶን ማንበብ ተማርኩ

ጫማው ነጭ የናይክ ኤር ፎርስ 1 ነው። ቁጥሩ 43። ቴሌግራም ላይ አየሁት፣ ሻጩ መገናኛ አካባቢ ያለ ሱቁ ድረስ ጠራኝ፣ ሄጄ ለካሁት፣ ልክክ አለልኝ፣ 7,500 ብር ከፍዬ ወጣሁ። "ግን ኦሪጅናል ነው?" ስለው የመለሰልኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "ካርቶኑን እየው እንጂ ወንድሜ!" አለኝ። እኔም አየሁት። ብርቱካናማ ነው፣ ምልክቱ አለ፣ ጎኑ ላይ ስቲከር ተለጥፏል፣ ባርኮድም አለው። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ካርቶን የሚነበብ ነገር መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

ሦስት ወር ሳይሞላው የቀኙ ጫማ ሶል ጣቶቼ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ አፉን ከፈተ። ሰፈራችን ላሉት ጫማ ሰሪ ወሰድኩላቸው። ጋሼ ከፈት አድርገው አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ በመነጽራቸው በላይ አዩኝና "ይሄን ስንት ገዛኸው?" አሉኝ። ዋጋውን ስነግራቸው ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ከስድብ ባሰብኝ።

እንዳጋጣሚ በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። ለታናሽ ወንድሙ ያመጣለት ጫማ ያው ነጩ ኤር ፎርስ ነው፣ ያውም በዚያው በ43። ሱቅ የገዛበት ደረሰኝ እንኳ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን ማታውን ሙሉ ስናገላብጥ አመሸን። እዚህ የምጽፈው ያን ማታ ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼን ጫማ እያየሁ ያጣራሁትን ነው። የማወራው ስለ ናይክ ነው። ሌላ ብራንድ ላይ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ አንዱን ቦታው ላይ እነግራችኋለሁ።

ከካርቶኑ ስቲከር እንጀምር። ሰው ሁሉ ስለ ፎንት ያወራል፣ እኔ ግን ከፎንቱ በፊት ቁጥሩን እዩ እላለሁ። ምክንያቱም የፊደል ቅርጽ ለማመሳከር ዓይን ይፈልጋል፣ ቁጥር ግን ወይ ልክ ነው ወይ ስህተት ነው።

ስቲከሩ ላይ አንድ ጫማ በአራት ዓይነት መለኪያ ይጻፋል፦ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በአውሮፓ እና በሴንቲሜትር። እኛ አገር የምንጠራው የአውሮፓውን ነው። የናይክ የወንዶች ጫማ ላይ እነዚህ ቁጥሮች የታወቀ ዝምድና አላቸው። ከ7 ጀምሮ ወደ ላይ ከአሜሪካው ላይ አንድ ስትቀንሱ የእንግሊዙን ታገኛላችሁ። አሜሪካው ላይ 18 ስትደምሩ ሴንቲሜትሩ ይመጣል። አሜሪካው 9 ከሆነ እንግሊዙ 8፣ ሴንቲሜትሩ 27 ነው። የአውሮፓው ግን በእኩል አይሄድም፣ እሱን መያዝ ነው ያለባችሁ። ከአሜሪካው 8 ጀምሮ በግማሽ በግማሽ እስከ 11 ሲሄድ 41፣ 42፣ 42.5፣ 43፣ 44፣ 44.5፣ 45 እያለ ይወጣል። ስለዚህ 41.5 ወይም 43.5 የሚል የወንዶች ኤር ፎርስ ካያችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ።

የእኔ ካርቶን ምን ይላል? አሜሪካ 9.5፣ እንግሊዝ 9፣ አውሮፓ 43፣ ሴንቲሜትር 27። የአክስቴ ልጅ ያመጣው ደግሞ 9.5፣ 8.5፣ 43፣ 27.5 ይላል። ተመልከቱ፣ የእኔ ላይ ከአራቱ ሁለቱ ስህተት ናቸው። እንግሊዙ 8.5 መሆን ነበረበት፣ ሴንቲሜትሩ 27.5። ስቲከሩን የሠራው ሰው ግማሿን ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ ረስቷታል፣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች አጠጋግቶ አልፏል። ይሄን ሱቁ ውስጥ በአሥር ሰከንድ ማወቅ እችል ነበር። 7,500 ብሬ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያመኛል።

ይሄ ነገር ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም። ሱቆቻችንን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ኮፒው ጫማ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሙሉ ቁጥር ነው፦ 40፣ 41፣ 42፣ 43፣ 44። "42.5 አለህ?" ስትሉት ሻጩ እንደ እብድ ያያችኋል። እንደዚያ በሙሉ ቁጥር የተሠራ ጫማ ላይ የግማሽ ቁጥር ስቲከር ሲለጠፍ የሆነ ቦታ መሳሳቱ አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ይሄን ስሌት አዲዳስ ላይ እንዳትሞክሩት። አዲዳስ ላይ የወንዶቹ አሜሪካና እንግሊዝ የሚራራቁት በግማሽ ነው፣ አሜሪካ 9 ሲሆን እንግሊዝ 8.5 ይላል፣ የአውሮፓውም ሲሦ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ 42 ከሁለት ሦስተኛ የሚባል ነገር። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ "ይሄማ የለየለት ፌክ ነው" ብዬ ስቄ ነበር። ትክክለኛው እሱ ነው። የናይክ የሴቶች ላይም የአሜሪካው ቁጥር ከወንዶቹ በ1.5 ከፍ ይላል፣ ስለዚህ እህቶቻችን ስሌቱን እንደዚያው ብትወስዱት ጥሩውን ጫማ ትጥላላችሁ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ኮዱ አለ። ናይክ ለእያንዳንዱ ሞዴልና ቀለም ዘጠኝ ምልክት ያለው ኮድ ይሰጣል፦ ስድስቱ የሞዴሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች የቀለሙ። የነጩ ኤር ፎርስ ኮድ CW2288-111 ነው። 111 ያለው ነጭ በነጭ ስለሆነ ነው፤ 1 ነጭን ነው የሚወክለው፣ በ0 የሚጀምር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው፣ በ6 ከሆነ ቀይ። ጥቁር ጫማ ይዛችሁ የቀለሙ ኮድ 111 ካለ ወይ ካርቶኑ የሌላ ነው ወይ ነገሩ ሁሉ የሌላ ነው። ኮዱን ስልካችሁ ላይ ጻፉና ፎቶዎቹን እዩ፤ የሚወጣላችሁ ጫማ እጃችሁ ላይ ካለው ጋር በቀለምም በሞዴልም አንድ መሆን አለበት።

አሁን ፎንቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከኢንተርኔት ባገኘው አንድ ፎቶ ላይ ተመርኩዞ "ትክክለኛው ፎንት ይሄ ነው" ማለቱ ነው። ስቲከሩ በየዘመኑ ይቀየራል፣ ፋብሪካውም አንድ አይደለም። የቬትናሙና የኢንዶኔዥያው ስቲከር ትንሽ ሊለያይ ይችላል፣ ሁለቱም ትክክለኛ ሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ማመሳከር ካለባችሁ በተመሳሳይ ኮድ፣ በተቀራራቢ ጊዜ ከተሠራ ጋር አመሳክሩ። እንደዚያ የሚመሳከር ከሌላችሁ ግን ፊደሎቹን እርስ በርሳቸው አመሳክሩ። እኔ አሁን የማደርገው ይሄንን ነው።

እንዴት መሰላችሁ፣ ስቲከሩን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ ክብ ያላቸውን ምልክቶች ብቻ ፈልጉ፦ 8፣ 6፣ 9፣ 0። የክቡን ውስጥ እዩት። የአክስቴ ልጅ ካርቶን ላይ የ8ቱ ሁለት ቀዳዳዎች ጥርት ብለው ነጭ ናቸው፣ ጠርዛቸውም እንደተቆረጠ ነው። የእኔ ላይ የታችኛው ቀዳዳ በቀለም ግማሹ ተሞልቷል፣ 6ቷም የጠገበች ትመስላለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከትክክለኛው ስቲከር ላይ ፎቶ ተነስቶ ወይም ስካን ተደርጎ እንደገና ሲታተም በየዙሩ ፊደሉ ትንሽ ትንሽ ይወፍራል። መታወቂያ ኮፒ አድርጋችሁ፣ የኮፒውን ኮፒ ደግሞ ኮፒ ስታደርጉ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። እሱ ነው።

ሌላው በፊደሎቹ መሀል ያለው ክፍተት ነው። የእኔ ስቲከር ላይ የሞዴሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው 07 ከፊቷ ካለችው ጭረት ጋር ተጣብቃለች፣ ከጭረቷ በፊት ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ጆሮ ግንድ ያክላል። ይሄ አንድን ፎንት በሌላ ሲተኩት የሚመጣ ነው፤ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቦታው ጋር አልገጥም ሲል አንዱን ጨመቅ ሌላውን ሳብ ያደርጉታል። ከዚያ የመስመሮቹን የግራ ጠርዝ አንድ ወረቀት ደገፍ አድርጋችሁ እዩ። ስሙ፣ ቀለሙ፣ ኮዱ አንድ መስመር ላይ መጀመር ያለባቸው ከሆነ አንዱ ሚሊሜትር እንኳ ወደ ውስጥ ገባ ካለ ወረቀቱ ያጋልጠዋል።

ካርቶኑን በዚህ ልተወውና ወደ ጫማው ልግባ። ካርቶን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ትክክለኛ ባዶ ካርቶን ገዝቶ ኮፒ የሚከትበት ሰው አለ። በተቃራኒውም ጥሩ ጫማ በሌላ ካርቶን ይመጣል፤ በተለይ ከውጭ በሻንጣ ሲመጣ ኪሎ እንዳይበዛ ካርቶኑ እዚያው ይጣላል፣ ይሄን ዘመድ ውጭ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ኤር ፎርስ ላይ የቁጥሩ ታግ ያለው ከምላሱ ጀርባ ነው። ማሰሪያውን ላላ አድርጋችሁ ምላሱን ወደ ፊት ገልብጡት። እዚያ ላይ ቁጥሮቹ እንደገና አሉ፣ ኮዱ አለ፣ የተሠራበት አገር አለ፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ሁለት ቀን አለ፤ ምርቱ የተጀመረበትና ያለቀበት። የመጀመሪያው ሥራ የታጉን ኮድ ከካርቶኑ ኮድ ጋር ማስተያየት ነው። የእኔ ላይ ኮዱ ገጥሟል። ቁጥሩ ግን አልገጠመም! ካርቶኑ እንግሊዝ 9 ሲል ታጉ 8.5 ይላል። ታጉን የሠራውና ስቲከሩን የሠራው ሰው አልተገናኙም ማለት ነው።

ከዚያ ቀኑ። ቀኑ በአሜሪካ አጻጻፍ ነው፣ ወሩ ይቀድማል። 03/12/21 ማለት ማርች 12 እንጂ ዲሴምበር 3 አይደለም። የእኔ ታግ 2018 ይላል። መጀመሪያ "እና ምን ችግር አለው፣ የቆየ ስቶክ ነው" አልኩ። የአክስቴ ልጅ ነው ያነቃኝ። እሱ ከዚህ በፊት የነበረው ነጭ ኤር ፎርስ ኮዱ ሌላ ነበር፣ 315122-111። ነጩ ኤር ፎርስ CW2288 የሚለውን ኮድ የያዘው 2020 አካባቢ ነው። ስለዚህ በ2018 የተሠራ ጫማ ላይ ያ ኮድ ሊኖር አይችልም። ከአንዱ ታግ ቀኑን፣ ከሌላው ኮዱን ወስደው ደባልቀውታል። ቁጥሩ ቢያመልጠኝ እንኳ ይሄ ብቻውን በቂ ነበር።

አሁን ወደ አሰላለፉ። ታግ ጠመም ብሎ ቢሰፋ አትደንግጡ። ታጉን የሚሰፋው ሰው ነው፣ ትክክለኛው ጫማ ላይም አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ዘመም ይላል። የአክስቴ ልጅ ያመጣው የግራው በደንብ ዘሟል። መታየት ያለበት ታጉ ከጫማው ጋር ያለው አቋም አይደለም፤ ጽሑፉ ከታጉ ጠርዝ ጋር ያለው አቋም ነው። ምክንያቱም መስፋት የእጅ ሥራ ነው፣ ማተም ግን የማሽን። ጽሑፉ ታጉ ውስጥ ተጋድሞ ከታየ፣ ወይም ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ከታች ካለው በጣም ከተለየና የቀኙና የግራው ጫማ ታግ ላይ ደግሞ ልዩነቱ የተለያየ ከሆነ፣ ማሽኑ ጥሩ አይደለም ማለት ነው።

የቁጥሮቹን ረድፍም እዩ። እያንዳንዱ ቁጥር ከራሱ አገር ምልክት ስር ነው መቀመጥ ያለበት። የእኔ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ቦታው ላይ ነው፣ ሁለተኛው ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፣ አራተኛው ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ከምልክቱ ስር ጨርሶ ወጥቷል። ልክ ሰልፍ ላይ ያለ ተማሪ አንዱ አንዱን እየገፋ መጨረሻው መንገድ ላይ እንደሚወጣው። ቁጥሩ ላይ ነጥብ አምስት ሲኖር ይባስ ይታያል፤ ግማሿ ቦታ ትወስዳለች፣ ቦታ ሳይለቁላት የጨመሯት ከሆነ የቀረውን ትገፋለች።

ፎቶ ስታነሱ ወይም ስታስነሱ ግን ተጠንቀቁ። ስልኩን አስጠግታችሁ ከጎን ካነሳችሁት ትክክለኛውም ታግ ጠማማ ይሆናል፣ የካሜራው መስታወት ጠርዝ ላይ ያለውን ያጎብጠዋል። ወደ 30 ሴንቲሜትር ራቅ በሉ፣ ሁለት እጥፍ አጉሉ፣ ታጉ ፎቶው መሀል ይሁን፣ ምላሱን በጣት ዘርጉት። ጨርቁ ከተጨማደደ ምንም ማለት አይቻልም። ሰዎች የሚልኩልኝ ፎቶ ግማሹ እንደዚህ ነው፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከጎን፣ ጣት ገብቶበት፣ ከዚያ "ፌክ ነው ኦሪጅናል?"። እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

መጨረሻ ያስቀመጥኩት ማስቲሹን ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም በጣም የሚያሳስተው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ያን ማታ ከተማርኩ በኋላ ኤክስፐርት ሆንኩ አይደል? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጆርዳን አድርጎ መጣ። ቆዳውና ሶሉ የሚገናኙበት ላይ የሆነች የደረቀች ማስቲሽ አየሁ። ሰው መሀል "ይሄማ ኮፒ ነው" አልኩት። ልጁ ምንም አላለም፣ በማግስቱ ስልኩ ላይ ያለውን የግዢ ማረጋገጫ አሳየኝ፣ እህቱ አሜሪካ ከሚገኝ ሱቅ በቀጥታ ያዘዘችለት ነው። ካርቶኑም ታጉም ሁሉም ልክ ነው። ያፈርኩት ማፈር! ምሳ ጋብዤው ነው የታረቅነው።

ትክክለኛ ጫማም የማስቲሽ ምልክት አለው። ፋብሪካ ውስጥ በቀን ስንት ሺህ ጫማ ሲጣበቅ እዚህም እዚያም ጠብታ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው ማስቲሽ አለ ወይ ሳይሆን ምን ይመስላል፣ የት የት አለ የሚለው ነው። ይሄን ያስረዱኝ ጋሼ ናቸው፣ 40 ዓመት ጫማ ሲለጥፉ የኖሩ ሰው።

"እየው" አሉኝ የእኔን ጫማ ወደ ብርሃን አዙረው። ከቆዳው ስር፣ ከሶሉ ጠርዝ በላይ፣ ሦስት ሚሊሜትር የምትሆን የምታብለጨልጭ መስመር ጫማውን ዙሪያውን ዞራዋለች። አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ሳሳ ትላለች፣ ጣት ጋ ሞገድ ትሠራለች። "ይሄ በብሩሽ የተቀባ ነው። ሰውየው ሶሉ እስከ የት እንደሚደርስ አላወቀም፣ ስለዚህ እንዳያንስ ብሎ አስበልጦ ቀባው።" ከዚያ የአክስቴ ልጅ ለወንድሙ ያመጣውን ጫማ አመጣንላቸው። እሳቸውም ገልበጥ አድርገው "ይሄ ላይም አለ፣ ግን ይቺውና ናት" አሉ። አንድ ቦታ ላይ፣ ተረከዙ አጠገብ፣ የጥፍር ጫፍ የምታክል። ቀሪው መስመር ቆዳውና ሶሉ ሲገናኙ ጸጉር አያስገባም።

ልዩነቱ ይሄ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጠብ ያለ የሥራ ጉድለት ነው። ዙሪያውን የተከተለ፣ ግራም ቀኝም ጫማ ላይ ያለ ከሆነ ግን አሠራሩ ራሱ እንደዚያ ነው። ቢጫነትን በተመለከተ ደግሞ አሮጌ ጫማ ላይ አትፍረዱ፤ ማስቲሽ ሲቆይና ፀሐይ ሲያገኘው ትክክለኛውም ይገረጣል። ከካርቶን የወጣ አዲስ ጫማ ላይ ቢጫ መስመር ካለ ግን ገና ከጅምሩ ምን ሆኖ ነው?

ጋሼ ያሸተቱት ለምን እንደሆነም ጠየቅኳቸው። "የእኔን ቆርቆሮ አሽትት" አሉኝ፣ የሚሠሩበትን ማስቲሽ ከፍተው። ጭንቅላት የሚያዞር፣ ቤንዚንነት ያለው ሽታ። ጫማውን አስጠጉልኝ። ከሦስት ወር በኋላም ያው ሽታ ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከ1990ዎቹ ወዲህ አብዛኛውን ሥራ ወደ ውሃ ወለድ ማስቲሽ አዙረዋል፣ ሽታው እንደዚያ አይደለም። አዲስ ጫማ ሁሉ መሽተቱ አይቀርም፣ የጎማና የቆዳ ሽታ አለው፤ ካርቶኑን ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ግን እኔ ጥርጣሬዬ ከፍ ይላል። ማስረጃ ነው ብዬ ግን አልምልም፣ የተዘጋ ኮንቴነር ውስጥ የከረመ ነገር ምንም ሊሸት ይችላል።

ኤር ፎርስ ላይ ደግሞ ከማስቲሹ ጋር አብሮ የሚታይ ነገር አለ። የዚህ ጫማ ሶል የሚጣበቅ ብቻ አይደለም፣ ይሰፋል። ነጩ የሶል ጎን ላይ ዙሪያውን የሚዞር ስፌት አለ፣ ጎድጎድ ያለ መስመር ውስጥ ተቀምጦ። ጥፍራችሁን አስገቡና ክሩን ነካ ነካ አድርጉት። ክር ከሆነ ክር መሆኑ ይታወቃል፣ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ጥፍር ይይዛል። የእኔ ላይ ጥፍሬ ተንሸራቶ አለፈ። ስፌቱ ከጎማው ጋር አብሮ የተቀረጸ ጌጥ ነው፣ ክር የለም! ጫማውን ይዞት የነበረው ማስቲሹ ብቻ ነው። ለዚያ ነው የሚታጠፈው ቦታ ላይ የከፈተው። ጋሼ በኋላ በእጅ ሰፉልኝ፣ አሁን ፈጽሞ አይከፍትም። ቤት ውስጥ ግቢ ለማጠብ አደርገዋለሁ።

እኔ አሁን የማየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ቁጥሩ፣ ኮዱና ቀኑ፣ ከዚያ ፊደሉና አሰላለፉ፣ ማስቲሹ መጨረሻ። ቁጥር ላይ ስህተት ካለ ሌላውን ማየት አያስፈልገኝም። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ፊደሉ ወይም ማስቲሹ ብቻ ካጠራጠረኝ "አላውቅም" እላለሁ፣ ከባልደረባዬ ጋር የሆነውን ስለማልረሳ። ጎበዝ ኮፒ ደግሞ አለ፣ ቁጥሩንም ቀኑንም አስተካክሎ የሚሠራ። እሱን በፎቶ ብቻ ለይቼ አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም፣ እኔ ግን አልችልም።

አንድ ነገር ግን ጎበዙም ኮፒ ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ባርኮዱ ስር ያለው ረጅም ቁጥር ለአንድ ሞዴል ሁሉ አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱ የጫማ ቁጥር የራሱ አለው። የ42ቱ ሌላ፣ የ44ቱ ሌላ። ኮዱ አንድ ይሆናል፣ የባርኮዱ ቁጥር ግን ይለያያል። ባርኮዱን በስልክ ስካን አድርጎ "ይኸው ኤር ፎርስ ብሎ ወጣ" የሚላችሁን አትስሙት፣ ቁጥሩን ከትክክለኛው ካርቶን ላይ ገልብጠውት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መውጣቱ አይቀርም። ከአንድ ካርቶን ገልብጠው ለሁሉም ቁጥር ያንኑ ሲያትሙ ነው የሚያዙት።

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ የሆነ ጫማ ወዳ አብሬያት ሄድኩ። ሌላ ሱቅ ነው፣ ሌላ ሰፈር። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። 8,000 አለን። ካርቶኑን አየሁት፣ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ፊደሉም ብዙ አያስጠላም። "ወንድሜ፣ የዚሁን ሌላ ቁጥር ልታሳየኝ ትችላለህ?" አልኩት።

"ለማን? ለአንተ?"

"አይ፣ ካርቶኑን ብቻ።"

ግራ ገባው፣ ግን አመጣልኝ። የእህቴ 39፣ ያመጣው 41። ሁለቱን ባርኮድ ጎን ለጎን አድርጌ የመጨረሻዎቹን አሃዞች በጣቴ ተከተልኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው። አዙሬ አሳየሁት። አየው፣ እኔን አየኝ፣ እህቴን አየ፣ ከዚያ ሳቅ አለና ካርቶኖቹን ቀስ አድርጎ ዘጋቸው።

"እሺ በቃ" አለኝ፣ "3,000 ስጡኝ።"